ለጋሼ ምን ብለን እንጻፍ?

ጡረታ የሚወጣ ሰው ያለበት ክፍል ቀድሞ ያስታውቃል። አንዱ ስም ዝርዝር ይዞ በየቢሮው እየዞረ መዋጮ ይሰበስባል፤ ሌላው ጋቢ ይሻላል ሰዓት እያለ ይከራከራል፤ ኬኩ ላይ ምን ይጻፍ የሚለው ጉዳይ ብቻውን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሁሉም ተከፋፍሎ ካለቀ በኋላ አንድ ሥራ ባለቤት ያጣል፤ በባልደረቦች ስም የሚነበበው የስንብት መልእክት። አለቃው የራሱን ንግግር ያደርጋል፤ የሰው ሀብት ክፍሉ የምስጋና ደብዳቤውን ያዘጋጃል። የባልደረቦቹ ጽሑፍ ግን ዞሮ ዞሮ የሚወድቀው በክፍሉ ታናሽ ላይ ነው። «አንቺ እኮ ኮምፒውተር ላይ ፈጣን ነሽ፤ ትንሽ ነገር ጻፊና አንብቢልን» ትባላለች።

ትንሽ ነገር የተባለው ያን ያህል ትንሽ አይደለም። ጸሐፊዋ ሃያዎቹ ውስጥ ያለች ወጣት ናት፤ ተሸኚው የአባቷ እኩያ ናቸው። እሷ የምታውቃቸው ለሦስት ዓመት ነው፤ እሳቸው መሥሪያ ቤቱን የሚያውቁት እሷ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ ነው። የምታነበውም አለቆቿ፣ ከሌላ ክፍል የመጡ ሰዎች፣ አንዳንዴም የተሸኚው ባለቤትና ልጆች በተቀመጡበት ነው። ስለዚህ ብዙዎች አቋራጩን ይይዛሉ። ባለፈው ጊዜ ለሌላ ሰው የተጻፈውን ከኮምፒውተር ፈልገው ያወጡና ስሙን ቀይረው ያትማሉ። ከላይ የተለወጠው ስም ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሳይለወጥ ቀርቶ አዳራሹ ሙሉ ሲስቅ ያየ ሰው የዚህን መንገድ አደጋ ያውቃል። ስሙ በትክክል ቢለወጥ እንኳ ለማንም የሚሆን ጽሑፍ መሆኑ አይቀርም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ብንከተለው ይሻላል። ተሸኚው የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው እንበል። በ1979 ዓ.ም. ተቀጥረው በ2017 ዓ.ም. ስልሳ ዓመት ሞልቷቸው ጡረታ የሚወጡ፤ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ትልቁም ትንሹም «ጋሼ» ብቻ ብሎ የሚጠራቸው። ጸሐፊዋ ደግሞ እሳቸው ሥር ሆና ገቢና ወጪ ደብዳቤ የምትመዘግብ ወጣት ናት።

ወጣቷ ወረቀቱ ፊት ስትቀመጥ ከዚህ በፊት የሰማቻቸው ጽሑፎች ሁሉ ወደ እጇ ይመጣሉ። አንደኛው በየቀኑ የምትመዘግበው የቢሮ ደብዳቤ ነው፤ «ጉዳዩ» ብሎ ጀምሮ «ከሰላምታ ጋር» ብሎ የሚያልቅ። ይሄኛው ብዙም አያሳስትም፤ ለሽኝት እንደማይሆን ማንም ያውቀዋል። አደገኛው ሌላው ነው፤ በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ። አብዛኞቻችን ስለ አንድ ሰው በሕዝብ ፊት ተጽፎ ሲነበብ የሰማነው በለቅሶ ነው። ስለዚህ ስለ ሰው ጻፊ ስትባል እጇ ወደዚያ ይሄዳል። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ሆኖ ይወጣል፦

«የተከበሩት ጋሼ በ1957 ዓ.ም. ተወልደው ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርታቸውን ተከታትለዋል። ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በቅንነት፣ በታማኝነትና በታታሪነት አገልግለዋል። ጋሼ ሰው አክባሪ፣ ደግ፣ ትሑትና የሥራ ሰው ነበሩ። ከመካከላችን በመለየታቸው የተሰማን ሐዘን ጥልቅ ነው። መልካም ዕረፍት ይሁንልዎ።»

ሰውየው ይህን ሲሰሙ ኬክ ፊታቸው ተቀምጧል፤ ትከሻቸው ላይ አዲስ ጋቢ ደርበዋል። እንግዲህ አስቡት። ጽሑፉ ውስጥ አንድም ክፉ ቃል የለም፤ ዓመተ ምሕረቱም ትክክል ነው። ግን ከአፈር በፊት የተነበበ የሕይወት ታሪክ ነው። ጡረታ የሚወጣ ሰው ደግሞ በዚያ ሰሞን ብቻውን ሲሆን የሚያስበው ይኼንኑ ነው፤ «አለቀልኝ እንዴ?» እያለ። እኛ በማይክሮፎን እናረጋግጥለታለን።

ብልሽቱ የት እንዳለ ለማወቅ ረቂቁን ጮክ ብሎ ማንበብና አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል፤ ይህ ጽሑፍ ሰውየው በሌሉበት ቢነበብ የሚለወጥ ነገር አለው? የላይኛው ረቂቅ አንድም ቃል ሳይነካ በሌሉበት ሊነበብ ይችላል። «አገልግለዋል፣ ነበሩ» እያለ ስለ እሳቸው ለሌሎች ይናገራል እንጂ ለእሳቸው አይናገርም። የመጨረሻዋ «ይሁንልዎ» ብቻ ናት ወደ እሳቸው የዞረችው፤ እሷም በዕረፍት አሰናበተቻቸው።

የመጀመሪያው እርማት ስለዚህ ፊትን ወደ ተሸኚው ማዞር ነው። «እሳቸው» የተባለው ሁሉ «እርስዎ» ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ የሚያጋጥም ነገር አለ። አንዳንድ ቢሮ ውስጥ ታናሹም ታላቁን «አንተ» ይላል፤ አብረው ምሳ የሚበሉ፣ የሚቀላለዱ ናቸው። በሽኝት ላይ ግን የሰውየው ልጆች ተቀምጠዋል። አባታቸውን በማያውቋት ወጣት አፍ «አንተ» ሲባሉ መስማት ደስ አይላቸውም። ቅርበቱ በሚነገረው ነገር ይታያል፤ አንቱታው አይሸፍነውም።

ሁለተኛው እርማት ትንሽ ከባድ ነው። «ደግ፣ ታታሪ፣ ትሑት» የሚሉት ቃላት መውጣት አለባቸው። ውሸት ስለሆኑ አይደለም፤ ባለፈው ለተሸኙትም ተብለዋል፣ ለሚቀጥሉትም ይባላሉ። በቦታቸው የሚገባው ሰውየው ሲሠሩ የታየ ነገር ነው። ወጣቷ የምትፈልገውን ለማግኘት ለራሷ እንዲህ ብትል ይቀላታል፤ እኔ ዛሬ ጠዋት ቢሮ ውስጥ ያደረግሁት፣ ጋሼ ባያሳዩኝ ኖሮ የማላደርገው ነገር ምንድነው? ይህ ጥያቄ የሚጠቅመው ለሁለት ነው። አንደኛ የሦስት ዓመት ትውውቅ ያላት ሰው ስለ ሠላሳ ስምንት ዓመት አገልግሎት የምትናገርበትን ጭንቀት ያነሳላታል፤ ያላየችውን መመስከር አይጠበቅባትም። ሁለተኛ መልሱ የሚመጣው በአሁን ጊዜ ነው። ሰውየው የሠሩት ነገር ነገም ቢሮው ውስጥ ይሠራል፤ «ነበሩ» የሚለው ቃል ቦታ ያጣል።

መዝገብ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሞልቷል። ከውጭ ለሚያየው ደብዳቤ ተቀብሎ ቁጥር መስጠት ነው። ውስጡ ለሚውል ግን ሙያ ነው። ደብዳቤ ሲመጣ ያመጣው ሰው ቆሞ ሳለ አባሪው ይቆጠራል፤ ደብዳቤው «አባሪ 5 ገጽ» ብሎ አራት ከሆነ እዚያው ይታረማል። ፈርመው ከተቀበሉ በኋላ የጎደለችው ገጽ የተቀባዩ ዕዳ ናት። ከዚያ ቀኑ፣ ፊርማው፣ ማህተሙ ይታያል። ከዚያ ገቢ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ለኃላፊው ይቀርባል፤ ኃላፊው ወደሚመለከተው ክፍል ይመራዋል፤ ያ ክፍል ፈርሞ ይረከባል፤ ግልባጩ ፋይል ውስጥ ይገባል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንድ ቦታ ከተሳተ ባለጉዳዩ ለሳምንታት «ደብዳቤህ አልደረሰም» ይባላል። ለሠላሳ ስምንት ዓመት ይህን የጠበቀ ሰው ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ስሙን ሲለውጥ፣ ክፍሎች ሲታጠፉና ሲከፈሉ፣ ቢፒአር መጥቶ ሁሉም ጠረጴዛ ሲቀያየር፣ የትኛው የድሮ ፋይል በየትኛው አዲስ ስም ሥር እንደገባ በጭንቅላቱ ይዟል። ብዙ ቦታ ይህ እውቀት የተጻፈ ማውጫ የለውም፤ ሰውየው ሲወጡ አብሮ ይወጣል።

ወጣቷ መጻፍ ከመጀመሯ በፊት ትንሽ መዞር ይኖርባታል። ስለ ጋሼ የተሻለ የሚያውቁት የግድ አለቆቹ አይደሉም። የበሩ ጥበቃ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ደብዳቤ የሚያደርሰው ሞተረኛ በየቀኑ የሚያዩት ነገር አለ። «ጋሼን ስታስብ መጀመሪያ የሚመጣልህ ምንድነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። የመጀመሪያው መልስ «ጥሩ ሰው ናቸው» ነው፤ ትንሽ መታገስ ነው፤ ሁለተኛው ላይ ነገሩ ይመጣል። ከዚያ ቁጥሮቹን ከሰው ሀብት ክፍል ማረጋገጥ። የቅጥር ዘመን በወሬ አይጻፍም። አንዳንዱ በሌላ መሥሪያ ቤት ያገለገለው ዘመን ተደምሮለታል፣ አንዳንዱ በመሃል ተቋርጦበታል። ሠላሳ ስምንት የሆነውን ሠላሳ አምስት ያለች ጸሐፊ ከዚያ በኋላ ምንም ብታነብ ሰውየው የሚያስቡት ስለ ሦስቱ ዓመት ነው።

ዕድሜ ላይ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለጡረታ የሚቆጠረው ዕድሜ ሰውየው መጀመሪያ ሲቀጠሩ ያስመዘገቡት ነው። በዚያ ዘመን የልደት ምስክር ወረቀት የነበረው ጥቂት ሰው ነው፤ ብዙው በግምት ሞላ። ስለዚህ የወረቀት ዕድሜያቸውና የእናታቸው ቆጠራ የማይገጥምላቸው ሰዎች አሉ። ተሸኚው «ገና ሁለት ዓመት ይቀረኝ ነበር» የሚል ቅሬታ በሆዳቸው ይዘው ከተቀመጡ «ስልሳ ዓመት የሞላዎት» ብሎ መጀመር ቁስል መንካት ነው። ዕድሜውን ሳይጠሩ መጻፍ ይቻላል፤ ማንም አይጎድልበትም።

የገንዘብ ቀልድም እንዲሁ። «ከእንግዲህ ቁጭ ብለው ደመወዝ መብላት ነው» የምትለዋ ቀልድ በየሽኝቱ አትጠፋም። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት አገልግሎት የዚያ አማካይ 30 በመቶ ይያዛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። በጋሼ ላይ ብናሰላው ከአሥሩ በላይ ሃያ ስምንት ዓመት አላቸው፤ 35 በመቶ ይጨምርላቸዋል፤ በድምሩ 65 በመቶ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ቤት የሚገባው ከለመዱት ገንዘብ ሲሶ ያህሉን አጥቶ ነው፤ አበልና ትርፍ ሰዓት ካለም እሱም ይቆማል። ይህን ስሌት ተሸኚው ከማንም በፊት ሠርተውታል። ባለቤታቸውም ሠርተዋል። ቀልዱ ሲነገር ከፊት ወንበር የሚስቀው ፊት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጽሑፉ እንመለስ። ወጣቷ ከዞረችና ካሰበች በኋላ ሁለተኛው ረቂቅ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጋሼ፣

መዝገብ ቤት የገባሁ ሰሞን ደብዳቤ መቀበል ቀላል ሥራ ይመስለኝ ነበር። ፈርሜ እቀበላለሁ፣ ቁጥር እሰጣለሁ፣ አለቀ። አንድ ቀን አባሪው አምስት ገጽ ነው የሚል ደብዳቤ ተቀብዬ በኋላ ሳየው አራት ሆኖ አገኘሁት። ያመጣው ሰው ሄዷል። እርስዎ አልተቆጡኝም። በማግስቱ ወንበርዎን ወደ እኔ ጠረጴዛ አስጠጉና መጀመሪያ የመጣውን ደብዳቤ አብረን ተቀበልን። ‹ሰውየው ፊትሽ ቆሞ ሳለ ቁጠሪ› አሉኝ። ይኸው ዛሬ ጠዋትም ቆጠርኩ። አንዱ ባለጉዳይ ‹አላመንሽኝም እንዴ?› ሲለኝ እንደ እርስዎ ‹ለእርስዎም ለእኔም ነው› አልኩት።

ፋይል ጠፋ ሲባል እኛ መደርደሪያ ለመደርደሪያ ስንሮጥ እርስዎ ቁጭ ብለው ቁጥሩን ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። ከዚያ አሃዞቹን ያቀያይራሉ። 417 ሲፈለግ ሰንብቶ 471 ቦታ ላይ ያገኙት ቀን ሁላችንም ሳቅን። አሁን ግን እኛም ከመሮጣችን በፊት እንጽፋለን።

የበሩ ጥበቃዎች አንድ ነገር ንገሪልን ብለውኛል። ጠዋት በየስማቸው ጠርተው፣ ልጆቻቸውን በየስማቸው ጠይቀው የሚገቡት እርስዎ መሆንዎን እንደማይረሱ ነው።

ካለፈው ጥር ጀምሮ ከሥራ በኋላ እየቆዩ የድሮ ፋይሎችን ማውጫ ከእኔ ጋር በደብተር አሰፈሩ። ደብተሩ በጠረጴዛዬ መሳቢያ ነው። ባልገባኝ መስመር ላይ ምልክት አድርጌያለሁ፤ ስለዚህ ስልክ እደውላለሁ፣ ከአሁኑ ይወቁልኝ።

የጡረታ ጉዳይዎ እስኪያልቅ ከዚህ መሥሪያ ቤት የሚጠየቀውን ማስረጃ የምከታተለው እኔ ነኝ። እርስዎ ለዚያ ብለው ደረጃ አይወጡም።

ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አሁን ደግሞ እኛን ልጆችዎን ይመርቁን።»

ይህ በረጋ ንባብ ሁለት ደቂቃ ያህል ነው፤ ከዚያ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከእሷ በፊት አለቃው ተናግሯል፣ ከእሷ በኋላ ተሸኚው ይናገራሉ፤ ሰው ደግሞ ዓይኑ ኬኩ ላይ ነው።

በጽሑፉ ውስጥ ጥቂት ነገሮችን ጠጋ ብለን እንያቸው። የመጀመሪያው ታሪክ ስለ ስህተት ነው፤ ግን የማን ስህተት እንደሆነ ልብ በሉ። የራሷ ነው፤ ትንሽ ነው፤ ያለፈና የተዘጋ ነው። ብዙ ታናናሾች ከፍቅር የተነሳ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «ጋሼ ያን ጊዜ የጠፋውን ሰነድ ለማንም ሳይናገሩ ከየትም ፈልገው ባያመጡልን ኖሮ» ብለው ይጀምራሉ። አለቃው ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ሰነድ መጥፋቱን ገና አሁን ሰማ። ምስጋናው ለጋሼ ጥያቄ ሆኖ ይመለሳል፣ ጡረታ ሊወጡ በቀናቸው። ስለዚህ የውለታ ታሪክ ከመነበቡ በፊት የሚነካው ሌላ ሰው ካለ እሱን ማስፈቀድ ነው፤ የማይፈቅድ ከሆነ ለጋሼ ብቻቸውን ሲሆኑ በቃል ይነገራቸዋል።

የ417 እና የ471 ታሪክ ቀልድ ነው፤ ግን የሚስቀው ክፍሉ በራሱ ላይ ነው። በተሸኚው ላይ የሚሳቅ ቀልድ፣ ስለ መነጽራቸው፣ ስለ ኮምፒውተር አለመቻላቸው፣ ስለ ድሮው የጽሕፈት መኪና፣ በምሳ ሰዓት ጥሩ ሊሆን ይችላል። ልጆቻቸው ባሉበት ግን አይነበብም። በተለይ የኮምፒውተሩ ነገር። ብዙ የዚያ ዘመን ሰዎች መሥሪያ ቤቱ ወደ ኮምፒውተር ሲዞር «ሥራውን አልቻሉትም» ተብለው ጥግ የተያዙበት ጊዜ አለ፤ ቁጭቱ አልወጣላቸውም።

ደብተሩን በተመለከተ፣ እንዲህ ያለ ነገር በጽሑፉ ውስጥ እንዲገባ ቀድሞ መኖር አለበት። መልእክቱን የምትጽፈው ታናሽ ብዙ ጊዜ የሰውየውን ሥራ የምትረከበውም ናት። ርክክቡ በመጨረሻው ሳምንት በችኮላ ከተደረገ «ያስተማሩን አይረሳም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ባዶ ይሆናል፤ የሚረሳው ገና አልተጻፈምና። ከወራት በፊት ደብተር ይዛ አጠገባቸው የተቀመጠች ከሆነ ግን መልእክቱ ግማሹ ያን ጊዜ ተጽፏል። «እደውላለሁ» የሚለውም ተራ ቃል አይደለም። ተሸኚው ከሚፈሩት ነገር አንዱ ስልካቸው እንዳይጠራ ነው። እንደሚፈለጉ በሰው ፊት መነገሩ፣ ለዚያውም ስለ ሥራ፣ ከጋቢው ይልቅ ያሞቃቸዋል።

ከዚህ በተቃራኒ የሚቆመው «ሁልጊዜ ከጎንዎ ነን፣ አንለይዎትም» የሚለው የተለመደ ቃል ኪዳን ነው። ማንም አይከተለውም፤ ተናጋሪውም ሰሚውም ያውቃሉ። ወጣቷ በቦታው አንድ የምትፈጽመው ነገር አስገብታለች፤ የማስረጃውን ጉዳይ መከታተል። የጡረታ አበል እስኪጀምር የቅጥር ደብዳቤ፣ የደመወዝ ታሪክ፣ የፋይል ቅጂ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ፤ ይህን ሁሉ ለሌላው ሰው ሲያወጡ የኖሩ ሰው ለራሳቸው ሲሆን እንደ ባለጉዳይ ኮሪደር ላይ መቆም ያሳፍራቸዋል። መሥሪያ ቤቱ ዕድር ካለውም ጡረተኛ አባል ሆኖ ይቀጥላል አይቀጥልም የሚለውን ከሽኝቱ በፊት ከዕድሩ ጸሐፊ ጠይቆ ማወቅ ያስፈልጋል። ይቀጥላል ከሆነ በጽሑፉ ውስጥ አንድ መስመር ይገባዋል። የማይቀጥል ከሆነ ስለ ዕድር ምንም አለማንሳት ነው።

ማብቂያው ላይ ያለው ነገር ደግሞ የእኛ አገር ሥርዓት ነው። ታናሽ ታላቁን አይመርቅም። በስሜት ተነሳስታ «ይባረኩ፣ ዘርዎ ይብዛ፣ ዕድሜዎ እንደ ማቱሳላ ይርዘም» እያለች ምርቃት የምታወርድ ወጣት አዳራሹን ፈገግ ታሰኛለች እንጂ ቦታዋ አይደለም። ታናሽ ይመኛል፣ ይለምናል፤ «ዕድሜና ጤና ይስጥልን» እስከዚያ ነው። ከዚያ ምርቃቱን ለባለቤቱ ይመልሳል። «ይመርቁን» ሲባሉ ጋሼ ይነሳሉ። ንግግር አልችልም ሲሉ የሰነበቱ ሰው እንኳ ምርቃት አያቅታቸውም፤ ከአባታቸው የሰሙት ነው። ሰዉም «አሜን» እያለ ይቀበላል። በዚያች ቅጽበት ተሸኚው የሚታዘንላቸው ተሰናባች መሆናቸው ቀርቶ በረከት የሚሰጡ ሽማግሌ ይሆናሉ። ጽሑፉን በልመና መጨረስ ይህን በር ይከፍትላቸዋል። ምስጋና ደርድሮ በጭብጨባ መጨረስ ግን ይዘጋዋል፤ ከጭብጨባ በኋላ ሰው የሚያደርገው ነገር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መቀመጥ ብቻ ነው።

«ፈጣሪ» የምትለዋ ቃልም በአጋጣሚ አልተመረጠችም። ቢሮ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ፤ አንባቢዋ የምትናገረው በሁሉም ስም ነው። የተሸኚውን እምነት የምታውቅ ብትሆንም የጋራውን ቃል ይዛ፣ የቀረውን ለምርቃቱ ትተዋለች። እሳቸው ሲመርቁ በገዛ ቃላቸው ይመርቁ።

ስለ ንባቡ ብዙ የሚባል የለም። ወረቀቱ በትልቅ ፊደል ይታተም፤ እጅ ይንቀጠቀጣል። ድምፅ ሊቆራረጥ የሚችልበትን ቦታ አስቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ የሚቆራረጠው ታሪኩ ላይ ሳይሆን የመጀመሪያዋ «ጋሼ» ላይ ነው። እሷን ብሎ ትንሽ መቆም ነው። ካነበቡ በኋላ ወረቀቱን አጥፎ ኪስ ውስጥ መክተት ሳይሆን በሁለት እጅ ለተሸኚው መስጠት ይገባል። የሚሰጠው ቅጂ ንጹሕ ይሁን፤ የተሰረዘና የተደለዘው ለአንባቢዋ ይቅር። አንዳንድ ቦታ በፍሬም አድርገው ይሰጣሉ። ፍሬሙን እኔ አልወደውም። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ተብሎ የተጻፈ ነገር ሲጻፍም ግድግዳ ግድግዳ ይላል።

ሽኝቱን የማይፈልጉ ሰዎችም አሉ። ከአለቃ ጋር ተቀያይመው የሚወጡ፣ ሕመም ላይ ያሉ፣ ወይም በተፈጥሯቸው ሰው ፊት መቆም የማይወዱ። የመጨረሻውን ቀን እንደ ሌላው ቀን ውለው ቦርሳቸውን ይዘው መውጣት ይመርጣሉ። ለእንደዚህ ያለ ሰው ያንኑ መልእክት ማሳጠር ነው። የጥበቃዎቹና የቀልዱ አንቀጽ ይወጣሉ፤ የአባሪው ታሪክ፣ ደብተሩና የማስረጃው ነገር ይበቃሉ። በእጅ ይጻፋል፣ በፖስታ ይገባል፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ጠረጴዛቸው ላይ ይቀመጣል። «ይመርቁን» የሚለው እዚያም አይቀርም፤ ብዙዎቹ ፖስታውን ቤታቸው ከከፈቱ በኋላ ደውለው ይመርቃሉና ስልክ ቁጥሯን ከፊርማዋ ሥር ብትጽፍ ይሻላል።